አልበራ ያለ ኤክስቦክስ፦ መልሱ ያለው አዳፕተሩ ላይ ነው

ኤክስቦክስ 360 አልበራ ሲል አብዛኛው ሰው ትኩር ብሎ የሚያየው ኮንሶሉን ነው። ቁልፉን ይጫናል፣ ምላሽ ያጣል፣ ደግሞ ይጫናል፤ በመጨረሻም «ተቃጥሏል» ብሎ ይደመድምና ተሸክሞት ወደ ጥገና ቤት ይሄዳል። ከቴሌቪዥኑ ጀርባ ገመድ መሀል የተጣለችውን ጥቁር ሣጥን፣ ማለትም አዳፕተሯን፣ ዞር ብሎ የሚያያት የለም። ጥገና ቤት ሲሄድም ብዙ ጊዜ እቤት ትቷት ይሄዳል። ዋናው ፍንጭ ያለው ግን እሷ ላይ ነው።

ይህ ጌም መሸጥ የጀመረው በኅዳር 2005 እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ነው፤ ማይክሮሶፍት ማምረቱን ያቆመውም በ2016 ነው። እኛ ዘንድ ግን ዛሬም ከሳሎንና ከጌም ቤት አልጠፋም። አዳዲሶቹ ፕሌይስቴሽኖችና የኋለኞቹ ኤክስቦክሶች ኤሌክትሪክ የሚቀይረውን ክፍል ሆዳቸው ውስጥ ስለያዙ ከውጭ የሚታየው ገመድ ብቻ ነው። የ360ው ግን ለብቻው ውጭ ተቀምጧል፤ የራሱ መብራትም አለው። ስለዚህ ብልሽቱ የግድግዳው ሶኬት ይሁን፣ ገመዱ ይሁን፣ አዳፕተሩ ይሁን ወይስ ኮንሶሉ ራሱ፣ ምንም ነገር ሳይከፈት ቤት ውስጥ መለየት ይቻላል።

ሁለት ዓይነት ኤሌክትሪክ፣ አንድ መብራት

አዳፕተሩ ከግድግዳ የሚቀበለውን 220 ቮልት ወደ ሁለት ዓይነት ዝቅተኛ ኤሌክትሪክ ይቀይራል። አንደኛው 12 ቮልት ሲሆን ጌሙ ሲሠራ የሚበላው ዋናው ኃይል ነው። ሁለተኛው 5 ቮልት ነው፤ ይህኛው ኮንሶሉ ጠፍቶም አይቋረጥም። ቤተሰቡ ሲተኛ በር ላይ እንደሚያድር ዘበኛ ነው፤ ሥራው ቁልፉ ወይም የገመድ አልባው ጆይስቲክ እስኪጠራው መጠበቅ ነው። ቁልፉ ሲነካ ኮንሶሉ በዚህች 5 ቮልት ተጠቅሞ «ዋናውን ልቀቅ» የሚል ምልክት ለአዳፕተሩ ይልካል፤ አዳፕተሩም 12 ቮልቱን ይለቃል።

የአዳፕተሩ መብራት የሚናገረው ይህንኑ ነው። ብርቱካናማ ከሆነ ከግድግዳ ኤሌክትሪክ እየገባ ነው፣ 5 ቮልቱ ቆሟል፣ ዋናው ግን ገና አልተለቀቀም። አረንጓዴ ሲሆን 12 ቮልቱ ተለቋል፤ ኮንሶሉ በርቷል ወይም ለመብራት እየሞከረ ነው። ቀይ ከሆነ አዳፕተሩ ችግር አይቶ ራሱን ዘግቷል፤ ምክንያቱ ሙቀት ወይም የውስጥ ብልሽት ሊሆን ይችላል፣ አለዚያም ከኮንሶሉ በኩል የመጣ ሾርት ነው። ምንም መብራት ከሌለ ደግሞ ወይ ኤሌክትሪኩ አልደረሰም፣ ወይ አዳፕተሩ ሞቷል።

ኮንሶሉ ራሱ ሲጠፋ ፊቱ ላይ ምንም አያበራም። ስለዚህ ፊቱ መጨለሙ ብቻውን የብልሽት ምልክት አይደለም፤ ደኅናውም ሲጠፋ እንዲሁ ነው። በኮንሶሉ ቁልፍ ዙሪያ የሚታየውን ቀይ ከአዳፕተሩ ቀይ ጋር ማምታታትም አይገባም። በመጀመሪያዎቹ ሞዴሎች ቁልፉን ከከበቡት አራት ክፍሎች ሦስቱ ቀይ ሲሆኑ ኮንሶሉ ውስጡ እንደተበላሸ ይናገራል። ማይክሮሶፍት በሐምሌ 2007 ዋስትናውን ወደ ሦስት ዓመት አራዝሞ ከአንድ ቢሊዮን ዶላር በላይ የመደበው ለዚያ ብልሽት ነበር። ያ ሲሆን አዳፕተሩ አረንጓዴ ሊያበራ ይችላል፤ ጥፋቱ የእሱ አይደለምና።

መጀመሪያ ሶኬቱ

መብራቱ ከጨለመ ምርመራው ከግድግዳው ይጀምራል። አዳፕተሩን ከዲቫይደሩ ነቅሎ በቀጥታ ግድግዳው ላይ መሰካት ነው። ማይክሮሶፍትም የሚመክረው በቀጥታ እንዲሰካ ነው፤ ምክንያቱም አዳፕተሩ ውስጥ የራሱ የቮልት ጭማሪ መከላከያ አለ። ከዚያ በዚያው ሶኬት ላይ ሌላ የሚሠራ ዕቃ ይሰካል። እዚህ ላይ የስልክ ቻርጀር ጥሩ ምስክር አይደለም፤ የሚፈልገው ጥቂት ዋት ስለሆነ በደከመ ሶኬትም ይሠራል። የልብስ ካውያ ወይም የውኃ ማፍያ ቢሰካ ሶኬቱ ጭነት መቻል አለመቻሉ ቶሎ ይታወቃል።

መብራት ሄዶ ሲመጣ የጨለመ አዳፕተር ሁልጊዜ ሞቷል ማለት አይደለም። መብራቱ ሲመለስ ቮልቱ ዘሎ ከሆነ መከላከያው አዳፕተሩን ቆልፎት ሊሆን ይችላል። ከግድግዳም ከኮንሶሉም ነቅሎ ቢያንስ አሥር ሰከንድ፣ ቢቻል ጥቂት ደቂቃዎች ማቆየት፤ ከዚያ ብቻውን፣ ያለ ኮንሶሉ፣ ግድግዳው ላይ መልሶ መሰካት ነው። ብርቱካናማው ከተመለሰ መቆለፊያው ተፈቷል ማለት ነው።

ቀጥሎ ያለው ምሳሌ አንድ ሶኬት እንዴት ሊያታልል እንደሚችል ያሳያል። አንድ ጌም ቤት ውስጥ ሁለት ቴሌቪዥን፣ ሁለት ኤክስቦክስና አንድ ትንሽ ፍሪጅ በአንድ ዲቫይደር ላይ ተሰክተዋል እንበል። አንደኛው ኤክስቦክስ ጠዋት ጠዋት ይበራል፤ ማታ ግን እምቢ ይላል። የአዳፕተሩ መብራት ብርቱካናማ ስለሆነ ባለቤቱ «ኤሌክትሪክ አለ፣ ስለዚህ የተበላሸው ኮንሶሉ ነው» ይላል። ቁልፉ ሲነካ ብርቱካናማው ወደ አረንጓዴ ይቀየራል፤ ወዲያው ደግሞ ወደ ብርቱካናማ ይመለሳል። ኮንሶሉ አንድ ጊዜ ድምፅ አሰምቶ ዝም ይላል።

መልቲሜትር ዲቫይደሩ ላይ ሲገባ 218 ቮልት ያሳያል፤ ደኅና ቁጥር ነው። ግን ያ የተለካው ምንም ሳይጠየቅ ነው። መልቲሜትሩ ሳይወጣ ቁልፉ ሲነካ ቁጥሩ እየዘለለ ወደ 150 ይወርዳል። ኮንሶሉ ሲጠፋ የሚበላው ጥቂት ዋት ብቻ ነው፤ ሲነሣ ግን የሚፈልገው ወደ መቶ ዋት ሊደርስ ይችላል፤ በመጀመሪያዎቹ ሞዴሎች ከዚያም ያልፋል። ዲቫይደሩ ሲከፈት የአንዱ ቀዳዳ መዳብ ጠቁሮና ላልቶ ይገኛል። ላላ ያለ ግንኙነት ትንሹን ያሳልፋል፤ ትልቁን ግን መሸከም ያቅተዋል። ማታ ሁሉም ዕቃ ሲበራና የሰፈሩ ቮልትም ሲወርድ ደግሞ ይብሳል። ያው አዳፕተር ግድግዳው ላይ በቀጥታ ሲሰካ ጌሙ ያለ ችግር ይነሣል። የተቀየረው የጥቂት ብር ዲቫይደር ነው፤ ኮንሶሉ አልተነካም።

ብርቱካናማ መብራት የሚለው እንግዲህ «ኤሌክትሪክ ደርሷል» ነው፤ «በቂ ደርሷል» አይልም። ዲቫይደሩ ከሞቀ፣ የፕላስቲክ ሽታ ካለው ወይም ስፒናው ሲነካ ጥዝ ጥዝ ካለ ሌላ ምርመራ አያስፈልገውም፤ ወዲያው ይጣል።

ገመዱ

ሶኬቱ ደኅና ሆኖ መብራቱ ከጨለመ ቀጣዩ ተጠርጣሪ ከግድግዳ ወደ አዳፕተር የሚሄደው ገመድ ነው። ይህ ገመድ የሚደክመው ብዙውን ጊዜ በሁለቱ ጫፎቹ በኩል ነው፤ ከስፒናው አጠገብ በተጣጠፈበትና አዳፕተሩ ውስጥ በሚገባበት። ስፒናውን ሶኬቱ ውስጥ ትቶ ገመዱን በቀስታ ወዲያና ወዲህ ማንቀሳቀስ ነው። መብራቱ ብልጭ ድርግም ካለ ውስጡ የተቆረጠ ሽቦ አለ። ሽፋኑ የተላጠ ወይም የጠቆረ ከሆነ ግን ይህንንም መሞከር አያስፈልግም፤ ገመዱ ሳይሰካ መጣል አለበት።

ከሁሉ የሚቀለው ፈተና በሚሠራ ገመድ መለወጥ ነው። አንዳንዶቹ አዳፕተሮች የኮምፒውተር ገመድ ይቀበላሉ። የመጀመሪያዎቹ ሞዴሎች ገመድ ግን በአንድ ጎኑ ጎድጎድ ያለ ቅርጽ ስላለው የተለመደው የኮምፒውተር ገመድ አይገባላቸውም። አልገባም ብሎ መግፋት ወይም በቢላዋ መጥረብ አያስፈልግም፤ ጎድጓዳ ያለበትን ዓይነት ፈልጎ መግዛት ይሻላል። መልቲሜትር ያለው ሰው ገመዱን ከሁለቱም ወገን ነቅሎ እያንዳንዱ ሽቦ ከጫፍ እስከ ጫፍ መያያዙን በድምፅ መፈተሻው መለካት ይችላል፤ እየለካም ገመዱን ቢያጣጥፈው የተደበቀ ቁራጭ ይገለጣል።

ከአሜሪካ የመጣው

ብዙ ሰው ኤክስቦክሱን ያገኘው ከአሜሪካ በመጣ ዘመድ እጅ ነው። እዚህ ላይ አንድ ነገር ሳይነበብ ምንም መሰካት የለበትም፤ እሱም በአዳፕተሩ ሆድ ላይ ያለው ጽሑፍ ነው። ለአሜሪካ ገበያ የተሠራው የ360 አዳፕተር የሚቀበለው ከ100 እስከ 127 ቮልት ብቻ ነው። የላፕቶፕና የስልክ ቻርጀሮች ከ100 እስከ 240 ስለሚቀበሉ ሰው ይህንንም እንደእነሱ ያየዋል። ጠፍጣፋውን የአሜሪካ ስፒና በክብ ስፒና የሚለውጠው ትንሹ ዕቃ ደግሞ የሚቀይረው ቅርጹን ብቻ ነው፤ 220ውን ወደ 110 አያወርደውም። በዚህ ዓይነት የተሰካ አዳፕተር አንዳንዴ ቷ ብሎ፣ አንዳንዴም በዝምታ ይጨልማል። ከዚያ በኋላ የሶኬትም የገመድም ፈተና አያስነሣውም።

ደግነቱ ብዙውን ጊዜ የሚሞተው አዳፕተሩ ብቻ ነው፤ ኮንሶሉ ይተርፋል። ኮንሶሉ የሚያውቀው 12 ቮልትና 5 ቮልት ብቻ ስለሆነ አሜሪካም ተገዛ አውሮፓ ለኤሌክትሪኩ ልዩነት የለውም። አገር የሚለየው አዳፕተሩ ነው። ስለዚህ ሁለት መንገድ አለ። አንደኛው ለዚያው ሞዴል የተሠራ የ220 ቮልት አዳፕተር መግዛት ሲሆን ከሁሉ የሚሻለው ይህ ነው። ሁለተኛው የአሜሪካውን አዳፕተር በትራንስፎርመር መጠቀም ነው። የትራንስፎርመሩ ዋት ከአዳፕተሩ ፍላጎት በደንብ መብለጥ አለበት፦ 203 ዋት ለሚሰጠው ለመጀመሪያው ሞዴል 500 ዋት ተብሎ የተጻፈበት ምቹ ነው፤ በ2010 ለወጣው ቀጭኑ ሞዴል 300 ዋት ይበቃል። ለፀጉር ማድረቂያ የሚሸጠው ቀላል የመንገደኛ መቀየሪያ ግን ለኤሌክትሮኒክስ አይሆንም።

አዳፕተሩን ራሱን መፈተን

ሶኬቱና ገመዱ ደኅና መሆናቸው ከተረጋገጠ ዋናው ፈተና አዳፕተሩንና ኮንሶሉን መለያየት ነው። ወደ ኮንሶሉ የሚገባው ወፍራም ስፒና ይነቀልና አዳፕተሩ ብቻውን ግድግዳ ላይ ይሰካል።

ብቻውንም ሆኖ ከጨለመ ወይም ቀይ ካበራ ጥፋቱ የራሱ ነው። ቀይ የሆነው ግን በሙቀት ሊሆን ስለሚችል መጀመሪያ መቀዝቀዝ አለበት። ምንጣፍ ላይ ወይም ከሶፋ ሥር የተቀመጠ አዳፕተር፣ ቀዳዳው በአቧራ የተደፈነም እንዲሁ፣ ሞቆ ራሱን ይዘጋል። ነቅሎ እስከ አንድ ሰዓት ማሳረፍ፣ ቀዳዳዎቹን በደረቅ ብሩሽ ማጽዳት፣ ከዚያ አየር በሚያገኝ ጠንካራ ወለል ላይ አስቀምጦ መሞከር ነው። ቀዝቅዞም ቀይ ከሆነ ይቀየር።

ብቻውን ሲሆን ብርቱካናማ አብርቶ ኮንሶሉ ላይ ሲሰካ ወደ ቀይ ከተቀየረ ወይም ከጨለመ ግን ጣቱ የሚጠቁመው ወደ ኮንሶሉ ነው። አዳፕተሩ ውስጡ ሾርት ያለበትን ነገር አይቶ ራሱን እየዘጋ ነው። አዲስ አዳፕተር መግዛት እዚህ ላይ ምንም አይለውጥም፤ አዲሱም ያንኑ ያደርጋል።

ኮንሶሉ ላይ ተሰክቶም ብርቱካናማው ሳይንቀሳቀስ ቢቀር፣ ቁልፉ ሲነካም ወደ አረንጓዴ ባይሄድ፣ አዳፕተሩ እየጠበቀ ነው፤ የሚጠራው ግን ጠፍቷል። ስፒናው እስከ መጨረሻው መግባቱን ካዩ በኋላ ሌላ መጥሪያ መሞከር ነው። ዲስክ ማስወጫው ሲነካም ኮንሶሉ ይነሣል፤ ጆይስቲኩ መሀል ያለው ቁልፍም ያስነሣዋል። የቀጭኑ ሞዴል ቁልፍ የሚጫኑት ሳይሆን በጣት ንክኪ የሚሠራ ስለሆነ አንዳንዴ እሱ ብቻውን ይሰንፋል። በሌላው ከተነሣ ችግሩ ቁልፉ ነው፤ በማናቸውም ካልተነሣ የኮንሶሉ ቦርድ መታየት አለበት።

መልቲሜትር ያላቸው ሰዎች አንድ ስሕተት ላይ በተደጋጋሚ ይወድቃሉ። ከኮንሶሉ የተነቀለውን ስፒና በ12 ቮልት ተስፋ ይለኩታል፤ ዜሮ ሲያዩ አዳፕተሩን ይጥሉታል። 12 ቮልቱ ግን ኮንሶሉ ካልጠራው አይለቀቅም፤ ብቻውን የተሰካ ደኅና አዳፕተርም በዚያ መስመር ምንም አያሳይም። መፈለግ ያለበት 5 ቮልቱ ነው። መልቲሜትሩን ለዲሲ 20 ቮልት አዘጋጅቶ፣ ሁለቱ መለኪያ ጫፎች እንዳይነካኩ ተጠንቅቆ፣ በምድር መስመሩና በሌሎቹ መሀል ሲለካ በአንዱ ላይ ወደ 5 የሚጠጋ ቁጥር መውጣት አለበት። ከወጣ የመጠበቂያው ክፍል ይሠራል። ዋናው ክፍል በጭነት ሥር መሥራቱን ግን ይህ አያረጋግጥም። ለዚያ ያለው አስተማማኝ ፈተና አዳፕተሩን ተመሳሳይ ሞዴል የሆነና የሚሠራ ኮንሶል ላይ መሰካት ነው።

አዳፕተሩን መክፈት ግን የቤት ሥራ አይደለም። 220 ቮልት ውስጡ ሲገባ ወደ ቀጥተኛ ኤሌክትሪክ ተቀይሮ ከ300 ቮልት በላይ ሆኖ በትልቅ ካፓሲተር ላይ ይጠራቀማል፤ ስፒናው ከተነቀለ በኋላም እዚያው ሊቆይ ይችላል። የጠፋ ዕቃ ይዣለሁ ብሎ እጁን የከተተ ሰው በዚህ ሊጎዳ ይችላል።

ሌላ ሲገዛ

አዳፕተሩ ከሞተ ምትክ ሲፈለግ «የኤክስቦክስ» ብሎ መጠየቅ አይበቃም። የመጀመሪያዎቹ ሞዴሎች 203 ዋት፣ ቀጥሎ የመጡት 175፣ ከዚያም 150 ዋት የሚሰጥ አዳፕተር ነበራቸው፤ ቀጭኑ ደግሞ 135 ዋት ነው፣ ስፒናውም ይለያል። ከፊተኞቹ መሀል ትልቁ አዳፕተር ለትንሹ ኮንሶል ይሆናል፤ ትንሹ ግን ለትልቁ አይሆንም፣ ስፒናው ራሱ እንዳይገባ ተደርጎ ተሠርቷል። ሲገዙ አሮጌውን ይዞ መሄድና ጽሑፉን ጎን ለጎን ማንበብ ነው፦ የሚቀበለው ቮልት 220ን የሚያካትት፣ የሚሰጠው 12 ቮልት፣ አምፔሩም ከአሮጌው ያላነሰ መሆን አለበት። ለምሳሌ ቀጭኑ 10.83 አምፔር፣ የመጀመሪያው 16.5 አምፔር ይላል። አምፔሩ ቢበልጥ ጉዳት የለውም፤ ቢያንስ ግን ጌሙ ይነሣና ከባድ ጨዋታ ሲጀመር ይጠፋል።

ጥገና ቤት መሄድ ግድ ከሆነ አዳፕተሩንና ገመዱንም ይዘው ይሂዱ። ለባለሙያው «አይበራም» ብቻ ከማለት ሦስት ነገር ይንገሩት፦ አዳፕተሩ ብቻውን ሲሰካ ምን ቀለም እንዳበራ፣ ከኮንሶሉ ጋር ሲገናኝ ምን እንደሆነ፣ ቁልፉ ሲነካ ደግሞ ወደ ምን እንደተቀየረ። መብራት ሲሄድ ስፒናውን ይንቀሉ፤ ሲመለስም ጥቂት ደቂቃ ጠብቀው ይሰኩ።